ቄጤማ፣ ሻማና የወረቀት ጌጥ ባሉበት የበዓል ቤት ስለ እሳት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየበዓሉ ዋዜማ ከጎረቤትና ከዘመድ የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ ደርድሬአቸዋለሁ።

ቄጤማ እርጥብ አይደል እንዴ? ምኑ ይቃጠላል?

በተጎዘጎዘበት ዕለት አይቃጠልም ማለት ይቻላል። ከገበያ የመጣ ቄጤማ አብዛኛው ውሃ ነው። ፍም ቢወድቅበት ትንሽ ጢስ ብሎ፣ ጠቆር ብሎ ይጠፋል። ሰዉም ይህን ደጋግሞ ስላየ ቄጤማ እሳት አይዝም ብሎ ያምናል።

ግን ቄጤማ እኩል አይደርቅም። በመስከረም እርጥበት ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። በገናና በፋሲካ ፀሐይ ግን በማግስቱ ጫፉ መጠቅለል ይጀምራል። የከሰል ምድጃው ሥር ያለው ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ ይደርቃል፤ ቡና በተፈላ ቁጥር ሙቀት ያገኘዋላ። ሳሎኑ ገና አረንጓዴ እያለ ከምድጃው ሥር ያለችው አንድ ክንድ የምታህል ቦታ ገለባ ሆናለች። ፍም የሚወድቀውም እዚያችው ላይ ነው።

የደረቀ ሣር ቀጭን ነው፣ በመሃሉ አየር አለ፣ ስለዚህ እሳቱ አይቆምም፤ ይሮጣል። ሣሩ ራሱ ወዲያው ነዶ ያልቃል። መጋረጃውን ወይም የሶፋውን ጨርቅ ለማያያዝ ግን ያቺ ጊዜ ትበቃዋለች።

መድረቁን በምን አውቃለሁ? ውሃ ብረጭበትስ?

ከምድጃው አጠገብ አንድ ዘለላ አንሱና ጣታችሁ ላይ ጠምጥሙት። ከተጠመጠመ ደህና ነው። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ወይም ስትረግጡት ኮሽ ካለ ጥረጉት። «በዓሉ ገና አላለፈም» አትበሉ። ከምድጃው ዙሪያ ብቻ ጠርጋችሁ ሌላውን መተው ትችላላችሁ።

ውሃ መርጨት ለሽታው ጥሩ ነው፣ ለእሳት ግን እምብዛም አይረዳም። የደረቀው ዘንግ ውሃውን መልሶ አይጠጣም። ከላይ ይረጥባል፣ ከምድጃው ሙቀት ጋር ብዙም ሳይቆይ ይተናል። በዚያ ላይ ሴራሚክ ወለል ከሆነ ያንሸራትታል። የፈላ ጀበና ይዞ መንሸራተት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ሻማውን ከወረቀቱና ከሣሩ ምን ያህል ላርቀው?

በጎን በኩል ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም አንድ ስንዝር ተኩል ያህል። ልጆች ባሉበት ቤት እኔ አንድ ሙሉ ክንድ ነው የምለው። ወደ ላይ ግን ይህ አይበቃም። የሻማ ሙቀት ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ ነው የሚሄደው። እጃችሁን ከነበልባሉ ጎን አንድ ስንዝር ላይ ብታቆሙ ምንም አይላችሁም፤ በዚያው ርቀት ከላይ ስታደርጉት ወዲያው ትሸሻላችሁ። ስለዚህ ከሻማው በላይ አንድ ሜትር ያህል ባዶ ይሁን።

ሰዎች ይህን የሚረሱት መደርደሪያ ላይ ነው። መብራት ይጠፋል፣ ሻማው መደርደሪያው መካከለኛ እርከን ላይ ይቆማል። ከላይ ያለው እርከን ጠርዝ ላይ የተዘረጋው የወረቀት ጥልፍ ወይም ዳንቴል ቀስ እያለ ቡናማ ይሆናል፣ ከዚያ ይያያዛል። የቆዩ ቤቶች ውስጥ ደግሞ የአቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ኮርኒስ አለ። ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠ ሻማ ለእንዲህ ያለው ኮርኒስ በጣም ቅርብ ነው።

ሻማውን በምን ላይ ላቁመው?

መቅረዝ ከሌላችሁ ባዶ የቲማቲም ጣሳ ፈልጉ። ግማሹን አሸዋ ሙሉት፣ ሻማውን አሸዋው ውስጥ ትከሉት። ቢወድቅ የሚወድቀው ጣሳው ውስጥ ነው። ሲያልቅም አሸዋ ነው የሚያገኘው። ወፍራም ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ጣት ውሃ አድርጎ ማቆምም ይሠራል፤ ነበልባሉ ውሃው ጋ ሲደርስ ይጠፋል።

ሰም አንጠባጥቦ በቀጥታ ጠረጴዛ ላይ፣ በፕላስቲክ ክዳን ላይ ወይም ቴሌቪዥን ላይ መለጠፍ ግን ይቅር። ሻማው ሲያጥር ሰሙ በሙሉ ይቀልጣል፣ ክሩ ይጋደማል፣ ነበልባሉ ፕላስቲኩን ያገኘዋል። ይህ የሚሆነው ሻማው ሊያልቅ ሲል ነው። ሊያልቅ የሚደርሰው ደግሞ ሰው እንቅልፍ ሲወስደው ነው። ሁለት ጣት ያህል ሲቀረው አጥፉትና ሌላ አብሩ። ቁራጭ ሻማ ብትጥሉ አባካኝ አትባሉም።

ለጸሎት የሚበራ ጧፍስ?

ጧፍ ቀጭን ነው፣ ሲሞቅ ይጎብጣል። የቆመ መስሏችሁ ዞር ስትሉ ጫፉ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። ብዙ ቤት ሥዕለ አድኅኖው ፊት መጋረጃ አለ፣ ጧፉም የሚበራው ከመጋረጃው ሥር ነው። መጋረጃውን በጸሎት ሰዓት ገልጣችሁ ብቻ አትተዉት፤ በክር ወደ ጎን እሰሩት። ጧፉን ሰፋ ያለ ጣሳ ውስጥ በአሸዋ ትከሉት። ጸሎት ሲያበቃ ይጠፋል። «እስኪያልቅ ይብራ» ብሎ ወደ ወጥ ቤት መሄድ የለም።

ልጆቹ የሠሩትን ወረቀት የት ልስቀለው?

የእንቁጣጣሽ ሥዕል ግድግዳ ላይ ጥብቅ ብሎ ከተለጠፈ ብዙም አያሰጋም። ከኋላው አየር ስለሌለው ቶሎ አይነድም። የሚያሰጋው የሚንጠለጠለው ነው፦ የወረቀት ሰንሰለት፣ በቀጭኑ የተቀደደ ክሬፕ ወረቀት፣ ከኮርኒስ የሚወርድ ጥብጣብ። ይሄ ሁሉ ወገኑ አየር ነው፣ በር ሲከፈትም ይወዛወዛል። አንድ ክንድ ርቀት ላይ የሰቀላችሁት ሰንሰለት ነፋስ ሲመጣ ሻማው ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ርቀቱን የምትለኩት ሲወዛወዝ ከሚደርስበት ቦታ ነው። ወረቀትና ምድጃ በአንድ ግድግዳ በኩል አይሁኑ። በቃ።

ለገና ጥድ ላይ በረዶ እንዲመስል ጥጥ የሚያደርጉ አሉ። የፋርማሲ ጥጥ በክብሪት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ውጭ ወጥታችሁ ከትንሽ ቁራጭ ጋር ሞክሩት፣ ከዚያ በኋላ እዚያ ጥድ አጠገብ ሻማ አታበሩም። የተቆረጠ ጥድ ራሱም እንደ ቄጤማው በየቀኑ ይደርቃል።

አንድ ክፍል ቤት ነው ያለኝ። ቡናው፣ ወጡ፣ ልጆቹ ሁሉም እዚያው ናቸው። ምን ላድርግ?

ይሄ ጥያቄ ነው በብዛት የሚመጣው። አራት በሦስት ሜትር የሆነች ክፍል አስቡ። በሩ አንድ ጫፍ ላይ ነው፣ መስኮቱ ትይዩው። የመጀመሪያው ሕግ፦ እሳት በእናንተና በበሩ መካከል አይቀመጥም። ቡናው ወደ መስኮቱ በኩል ይሁን፣ የመስኮቱ መጋረጃ ይታሰር፣ መስኮቱም ይከፈት። ከሰል ጭሱ ቢጠፋም የማይታይና የማይሸት መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ ለዚህም ለሌላውም አየር ያስፈልጋል።

ምድጃው ሥር ቄጤማ አይጎዝጎዝ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ቆርቆሮ ወይም ሁለት ሦስት የሴራሚክ ቁራጭ አንጥፉ፣ ምድጃውን መሃሉ ላይ አድርጉ። ቄጤማው የሚጀምረው ከዚያ ጠርዝ ነው። ቤቱ ውበቱ አይቀንስም። እንዲያውም ባዶዋ ቦታ ለልጆቹ መስመር ትሆናለች፦ «ከቆርቆሮው ወዲህ አይታለፍም»። ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ «ራቅ በል» ሲሉት ምን ያህል እንደሆነ አያውቅም፣ መስመር ግን ያያል። በርግጥ መስመር ስላለ ልጁን ትቶ መውጣት አይቻልም።

ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሉ። አዲስ የተያያዘ ከሰል፣ በተለይ እርጥበት ያገኘው፣ ይንጣጣል፤ ፍንጣሪውም ሩቅ ይሄዳል። መንጣጣቱ ቆሞ ፍም ሲሆን ግቡ። ቤት ውስጥ ማርገብገብም ቀንሱ። ማርገብገቢያውን ለልጅ መስጠት የተለመደ ነው፣ ልጁም ኃይሉን ለማሳየት ያራግበዋል፣ ብልጭታው ይበተናል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም የማያስበው። ፈንዲሻውን የት ነው የምታስቀምጡት? አብዛኛው ቤት ረከቦቱ አጠገብ። ልጆቹ ደግሞ ወደ ፈንዲሻው ነው የሚሮጡት፣ ማለትም ወደ እሳቱ። ፈንዲሻውንና ድፎ ዳቦውን በሩ በኩል አስቀምጡ። እኔ ይህን ካደረግኩ ወዲህ «ተው» የምለው ግማሽ ያህል ሆኗል።

የበዓል ልብስ ከሌላው ልብስ ይለያል?

ይለያል። የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ስስ ጥጥ ነው፣ ስስ ጥጥ ቶሎ ይያያዛል። ነጠላ ደግሞ ጫፉ ይንጠለጠላል። እናት ወጥ ልታማስል ጎንበስ ስትል የነጠላው ጥለት ምድጃው ላይ ያርፋል። ምግብ በሚሠራበት ሰዓት ነጠላው ወገብ ላይ ይታሰር ወይም ይቀመጥ። ልጆቹን ደግሞ ቡናውና ምግቡ ካለቀ በኋላ አልብሷቸው። ከሱቅ የሚመጣው የሴት ልጆች ባለ ቱል ቀሚስ ከዚህም ይብሳል፤ ናይለን ስለሆነ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

በዓሉ አልፏል፣ ቄጤማው ተጠርጓል። አሁንስ ስጋት አለ?

አለ፣ እኔ ቤት የተነሳችው ብቸኛ እሳትም የተነሳችው በዚህ ሰዓት ነው። የገና ማግስት ነበር። ጠዋት ቡና ጠጣን፣ ምድጃው ተራገፈ፣ አመዱ ግራጫ ሆኖ ሞቷል። ቄጤማውን ጠርገን ማዳበሪያ ውስጥ ጨመርነው። አመዱንም ከላይ አፈሰስነው፣ «አንድ ላይ ይጣላል» ብለን። ማዳበሪያው በረንዳ ላይ ተቀመጠ። ከምሳ በኋላ ጎረቤት በር መታች፦ «እናንተ ቤት ጢስ አለ።» ስንወጣ ማዳበሪያው ከታች ቀልጦ ተከፍቷል፣ የደረቀው ቄጤማ ከውስጥ ይጋያል። ከጎኑ የቆመው የልጆች ብስክሌት ጎማው ተኮማትሯል። ሁለት ባልዲ ውሃ አጠፋው። ማታ ተኝተን ቢሆን ኖሮ በረንዳው ላይ ያለው የሳጥን ክምር ይቀጥል ነበር።

ግራጫ አመድ የሞተ አመድ አይደለም። አመዱ ራሱ ፍሙን ይሸፍነዋል፣ ሙቀቱንም ይይዝለታል። እናቶቻችን እሳት ለማሳደር ረመጥ በአመድ የሚያዳፍኑት ለዚህ ነበር እኮ። ተዳፍኖ የሚያድር ነገር ማዳበሪያ ውስጥም ያድራል። አመድ ብረት ባልዲ ውስጥ ይጨመር፣ ውሃ ይፍሰስበት፣ በእንጨት ይማሰል፣ ከዚያ ደግሞ ውሃ። ውጭ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይደር። ቄጤማው ለብቻው ይጣላል። ፌስታል ውስጥ አመድ መጨመር የለም፣ ቀዝቅዟል ብላችሁ እንኳ።

ለልደቱ የምንገዛው የሚንሳፈፍ ፊኛ ሻማ አጠገብ ችግር አለው?

በአፍ የተነፋ ፊኛ ቢፈነዳ ድምፅ ብቻ ነው። የሚንሳፈፈው ግን ውስጡ ጋዝ አለ። ሂሊየም ከሆነ አይነድም። ሂሊየም ውድ ስለሆነ ሃይድሮጅን የሚሞሉ አሉ፤ ያ ደግሞ ነበልባል ሲነካው በአንድ ጊዜ ወደ እሳት ኳስ ይለወጣል። በዓይን ሁለቱን መለየት አይቻልም። ሻጩም ሁልጊዜ እውነቱን አይነግራችሁም። ስለዚህ ኬክ ላይ ሻማ የሚበራ ከሆነ የሚንሳፈፈው ፊኛ ከክፍሉ ይውጣ። ልጆች ፊኛውን ጨብጠው ኬኩን ከበው የሚነሱት ፎቶ ያምራል፣ ግን አይሆንም።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። የፕላስቲክ ሣርና ክብ ከሰል ነው የምጠቀመው። ይሻላል?

የፕላስቲኩ ሣር አይደርቅም፣ ያ እውነት ነው። ግን ፍም ሲወድቅበት ቀልጦ ይጣበቃል፣ ሲነድም እየተንጠባጠበ ነው፣ ጭሱም ከሣር ጭስ የከፋ ነው። ዓመቱን ሙሉ ተነጥፎ ዘይትና የቡና ገለባ የጠጣ ደግሞ አለ። ለእጣን የምትጠቀሙባት ክብ ከሰል በቀላሉ እንድትያያዝ የሚያግዝ ኬሚካል አለባት። ስትለኮስ ትፈነጥራለች፣ ከጠፋች የመሰለች ጊዜም ረጅም ሰዓት ትግላለች። ማጨሻው ሸክላ ቢሆንም ሥሩ ይግላል። ከሥሩ ሴራሚክ አድርጉ። የባርቤኪው ከሰል ግን አፓርታማ ውስጥ በጭራሽ አይነድም፤ ቅድም ያልኩት ጋዝ እዚያ ዝግ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል።

ሌላው የጭስ ጠቋሚው ነገር ነው። ቡና ሲቆላ ይጮኻል፣ ሰው ባትሪውን ያወጣል፣ መልሶ መክተቱን ይረሳል። ባትሪውን ከማውጣት ቡናውን ማብሰያ ቤት በአየር ማውጫው ሥር ቆልታችሁ ማሽተቱን ሳሎን አምጡ። እንግዳው የሚፈልገው ሽታውን ነው።

ዘይት እየነደደ ነው። ምን ላድርግበት?

ውሃ አታፍስሱበት። ውሃው ከዘይቱ ሥር ገብቶ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ይሆንና የሚነደውን ዘይት ወደ ላይ ይበትነዋል፤ ከላይ የተሰቀለ ወረቀት ካለ ያገኘዋል። ድስቱንም ይዛችሁ ወደ ውጭ አትሩጡ፣ መንገድ ላይ ልጅ አለ። ምድጃውን አጥፉ። ከዚያ ክዳን ወይም የብረት ትሪ ከጎን በኩል አንሸራታችሁ ክደኑበት። ከላይ አትጣሉት፣ ነበልባሉ ወደ እጃችሁ ይመጣል። እንደከደናችሁ ተዉት። «ጠፋ ወይ?» ብሎ ቶሎ መግለጥ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ የጋለ ዘይት አየር ሲያገኝ እንደገና ይነዳል። እስኪቀዘቅዝ ድረስ አትግለጡት።

ቄጤማ ወይም ወረቀት ከሆነ ግን ውሃ ነው መድኃኒቱ። ለዚህ ነው በበዓል ቀን አንድ ባልዲ ውሃ በሩ አጠገብ የማስቀምጠው። ውሃ ከመድፋታችሁ በፊት የገና መብራት ገመድ እዚያው ካለ ቆጣሪው ላይ አጥፉ።

የልጅ ልብስ ቢያያዝስ? ቅቤ ልቀባው?

ልጅ ልብሱ ሲያያዝ ይሮጣል፣ ሩጫው ደግሞ እሳቱን ያራግበዋል። ያዙትና መሬት ላይ አስተኙት። ቄጤማው ደረቅ ከሆነ ከዚያ ላይ ዞር አድርጉት። ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ጣሉበት፣ ከአንገት ወደ እግር እየተጫናችሁ አንከባልሉት። ውሃ ቅርብ ከሆነ ውሃ። ከአራት ዓመት በላይ የሆነ ልጅ «ቁም፣ ተኛ፣ ፊትህን ሸፍን፣ ተንከባለል» የሚለውን እንደ ጨዋታ ሊማረው ይችላል። አንድ ነገር ደግሞ ንገሩት፦ እሳት ሲያይ አልጋ ሥር እንዳይደበቅ። ልጆች የሚያደርጉት ይህን ነው፣ በተለይ እሳቱን ራሳቸው ከለኮሱ።

ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ሊጥ፣ የተፈጨ ቡና አይቀባም። ሙቀቱን አፍነው ያስቀሩታል፣ ቁስሉንም ያቆሽሹታል። የሚያስፈልገው ቀዝቃዛ የሚፈስ ውሃ ነው፣ 20 ደቂቃ ሙሉ። 20 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ልጁ ያለቅሳል፣ አያት «ብርድ ይመታዋል» ይላሉ። የቀረው ሰውነቱ በጋቢ ይሸፈን፣ የተቃጠለው ውሃ ሥር ይቆይ። ቧንቧ ውሃ ከሌለ ከጀሪካን በኩባያ እየቀዳችሁ አፍስሱ። በረዶ አታድርጉ። አምባርና ክር ወዲያው ይውለቅ፣ ቦታው ያብጣል። የተጣበቀ ልብስ ግን አይነቀልም። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ሂዱ። ከልጁ መዳፍ የበለጠ ቃጠሎ፣ ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት የነካ ከሆነ ሐኪም ማየት አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው።

ራሴ ላጥፋው ወይስ እሳት አደጋ ልጥራ?

የእኔ መለኪያ ይህ ነው። እሳቱ ከባልዲ አፍ የማይበልጥ ከሆነ፣ በሩ ከኋላችሁ ከሆነና ልጆቹ ከወጡ፣ አንድ ጊዜ ሞክሩ። አንድ ባልዲ። ካልጠፋ ውጡ። ኮርኒስ ከነካ ግን አትሞክሩም፤ እሳቱ ከጭንቅላታችሁ በላይ ነው፣ ጭሱም ወደ ታች እየመጣ ነው። ስትወጡ በሩን ዝጉት፣ አየር ይቀንስበታል።

አዲስ አበባ ውስጥ እሳት አደጋ በ939 ይጠራል። ስትደውሉ ሰፈሩን ብቻ ሳይሆን መኪናው የሚገባበትን መንገድ ንገሯቸው፦ የትኛው አስፋልት፣ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አጠገብ፣ የቅያሱ ስፋት መኪና ያስገባል ወይስ አያስገባም። ከዚያ አንድ ሰው አስፋልቱ ላይ ቆሞ ይጠብቅ። አሜሪካ ላላችሁ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 102 ነው። ቁጥሩን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉት፤ ያ ወረቀት ከምድጃው እስከራቀ ድረስ ችግር የለውም።